መሪውን ዜማ ብቻ አትቁጠሩ፦ አንድ አጭር የባኽ ፊዩግ ከውስጥ ሲታይ

(የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን ኮሚናል ውስጥ ለሰፈሩ የኪቦርድ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዲት ተማሪ በስልኳ ቀድታው ነበር። አንዳንድ ድግግሞሽ ብቻ ቀንሼ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንዴት አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ጋሼዎች፣ ወደፊት ቅረቡ፣ ወንበር አለ። እናቶችም እንኳን ደህና መጣችሁ። መብራት እስካለ ድረስ እንጠቀምበት። ከጠፋም ኪቦርዱ ባትሪ አለው፣ አትስጉ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቁራጭ ሙዚቃ ነው። አንድ ብቻ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እንደ ፈረንጆቹ በ1722 ባዘጋጀው የመጀመሪያው «ዌል-ቴምፐርድ ክላቪየር» ውስጥ ያለው የዶ ማይነር ፊዩግ። ፊዩግ ማለት አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች በየተራ እየገባ የሚገነባ ሙዚቃ ነው። ይሄኛው 31 ባር ነው። ተጫውቼ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ሦስት ድምፅ አለው፤ ላይ ሶፕራኖ፣ መሀል አልቶ፣ ታች ባስ። ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄ ፊዩግ እቤታችሁ ባለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ያን መጽሐፍ ባኽ የጻፈው በአራት ኦክታቭ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ፒያኖ የለኝም» የምትል ምክንያት ዛሬ አትሠራም!

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ መሪው ዜማና መልሱ። ሁለተኛ አብሮት የሚሄደው ካውንተርሰብጀክት። ሦስተኛ ኤፒሶዶቹ። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ለሦስተኛው ነው። ፊዩግ ስታጠኑ ብዙዎቻችሁ መሪው ዜማ በመጣ ቁጥር በእርሳስ ታከብቡና ቀሪውን እንደ መሙያ ታዩታላችሁ። እኔ ደግሞ የዚህ ፊዩግ ጉልበት ያለው እናንተ ባላከበባችሁት ቦታ ነው እላለሁ። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከመጀመሪያው እንነሳ።

እንግዲህ አንደኛው። ስሙልኝ።

(ተጫወትኩ)

ዶ ሲ ዶ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ዶ ሲ ዶ፣ ሬ፣ ሶል። ዶ ሲ ዶ፣ ሬ፣ ከዚያ ፋ ሶል ላ ፍላት፣ ሶል ፋ፣ ሚ ፍላት። አለቀ። ሁለት ባር ናት፤ የመጨረሻዋ ሚ ፍላት ብቻ የሦስተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ትወድቃለች። ይሄ ነው ሰብጀክት የሚባለው፣ መሪው ዜማ። ብቻውን ነው የሚገባው፣ ማንም አያጅበውም። የሚዘፍነው አልቶ ነው፣ መሀለኛው።

ቆይ፣ እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያዋ ዶ ምት ላይ ነው የወደቀችው ወይስ ከምት በኋላ? ማን ይነግረኛል? ... አይደለም። ከምት በኋላ ነው። ባሩ የሚጀምረው በግማሽ ምት ዝምታ ነው። ጣታችሁ ሳይነካ እግራችሁ መምታት አለበት። ተማሪ ሁሉ እዚህ ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ሰሚ ዝምታን አይቆጥርም፣ የመጀመሪያውን ድምፅ «አንድ» ይለዋል። መሳሳታችሁን በምን ታውቃላችሁ? በሚ ፍላቷ። ዜማው ሲያልቅ እግራችሁ በትክክል ሚ ፍላቷ ላይ ከወደቀ ልክ ናችሁ። ካልወደቀ መጀመሪያውን ስታችኋል ማለት ነው፤ ከአሁኑ ካልታረመ ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ ሁሉም ነገር ይዘበራረቃል።

አሁን ሦስተኛው ባር። ሶፕራኖ ይገባል። ያንኑ ዜማ ይዞ፣ ግን ከሶል ተነስቶ። ይሄ መልስ ይባላል።

የመዘምራን ልጆች ይሄን ነገር ታውቁታላችሁ፤ መሪ ያወጣል፣ ተቀባይ ይመልሳል። ግን ልዩነት አለ፣ ትልቅ ልዩነት። እናንተ ጋ ተቀባዩ ሲቀበል መሪው ትንፋሹን ይሰበስባል። እዚህ መሪው አያርፍም! መልሱ ሲገባ መጀመሪያ የገባው ድምፅ ሌላ ነገር መዝፈኑን ይቀጥላል። ያን «ሌላ ነገር» ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

መልሱን በደንብ ስሙት። ሶል፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል... ቀጥሎ ማን መምጣት ነበረበት? መሪው ዜማ ከዶ ተነስቶ አራት ደረጃ ወርዶ ሶል ላይ አረፈ። ያንኑ በትክክል ብንቀዳው ከሶል አራት ደረጃ ወርደን ሬ ላይ ማረፍ ነበረብን። ባኽ ግን ሬን አላስቀመጠም። ዶን አስቀመጠ። ሶል፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሚ ፍላት። ከሙሉው መልስ የተለወጠችው ይህች አንዲት ኖታ ናት። አንዲት ብቻ! ሌላው ሁሉ ቅጂ ነው።

ለምን? መሪው ዜማ ከቤት ወጥቶ ወደ ሶል ሄደ። መልሱ ከሶል ተነስቶ ወደ ቤት፣ ወደ ዶ፣ ያያል። ሬ ቢሆን ኖሮ ገና በሦስተኛው ባር ጆሯችን ሶል ማይነር ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ባኽ ወደ ሶል ማይነር መሄዱ አይቀርም፣ መልሱ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ግን ግማሽ ባር ያህል ያዘገየዋል። ቤቱን እንዳንረሳ። ማታ ስትገቡ ሁለቱንም ሞክሩት፣ አንዴ በሬ፣ አንዴ በዶ። በሬ ስትጫወቱት ስህተት አይመስልም፣ ይሄን ልብ በሉ። ብቻ ቶሎ የሄደ ይመስላል። ለዚህች ለውጥ የከፈለው ዋጋም አለ። መሪው ዜማ ውስጥ ከሶል ወደ ላ ፍላት ግማሽ ቶን ብቻ ነበር። መልሱ ውስጥ ከዶ ወደ ሚ ፍላት ዝላይ ሆነ። መልሱን ከመሪው ዜማ በጆሮ የምትለዩት በዚህች ዝላይ ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ጎረምሳ ተማሪ ነበረኝ፣ «ለምን በትዝታ ፊዩግ አንሠራም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተቀምጠን ሞከርነው። የዚህን ዜማ ራስ፣ ዶ ሲ ዶን፣ በትዝታ ሜጀር ማለት አይቻልም። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ውስጥ ሲ የለም፣ ግማሽ ቶን የሚባል ነገር የለም። የባኽ ራስ የሚነክሰው ደግሞ በዚያች ግማሽ ቶን ነው። አይቻልም እያልኩ አይደለም፤ ራሱ ሌላ ዜማ መሆን አለበት፣ መልሱም በሌላ ሕግ መለወጥ አለበት። ልጁ እስካሁን እየሠራው ነው፣ ሲጨርስ እዚሁ ያቀርብልናል።

ወደ ሁለተኛው። ያ «ሌላ ነገር» ያልኳችሁ።

ሶፕራኖ መልሱን ሲዘፍን አልቶ ምን ያደርጋል? ሚ ፍላቱን ይነካና ከላይኛው ዶ ጀምሮ በፈጣን ኖታ እየተንደረደረ ይወርዳል። ሲ፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ ፍላት፣ ሬ፣ ዶ። ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ በረጋ እርምጃ ይቀጥላል። ይሄ ካውንተርሰብጀክት ነው። ዝም ብሎ አጃቢ አይደለም። አጃቢ ቢሆን በየጊዜው ይቀየር ነበር። ይሄ ግን ቋሚ ጓደኛ ነው፤ መሪው ዜማ ሲመጣ አብሮ ይመጣል።

አሁን 7ኛው ባር ላይ ባሱ ይገባል፣ መሪውን ዜማ ይዞ፣ ዶ ማይነር ላይ። ያ የሚንደረደረው ስኬል የት አለ? ሶፕራኖ ላይ! በ3ኛው ባር ከመልሱ በታች ነበር። በ7ኛው ባር ከመሪው ዜማ በላይ ሆነ። አያችሁ? የታችኛው ላይ ወጣ፣ የላይኛው ታች ወረደ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ይሄ እንዲሁ አይሆንም። ደብተር የያዛችሁ ጻፉ። ሁለት ዜማ በሦስተኛ ርቀት እየሄዱ ከሆነ ስትገለብጧቸው ስድስተኛ ይሆናሉ። ሦስተኛም ስድስተኛም ለጆሮ ጣፋጭ ናቸው፣ ችግር የለም። በአምስተኛ ርቀት ከሆኑ ግን ሲገለበጡ አራተኛ ይሆናሉ። በባኽ ዘመን ከባስ በላይ ያለ አራተኛ እንደ ጎርባጭ ድምፅ ነው የሚታየው፣ መፈታት አለበት። ስለዚህ ካውንተርሰብጀክቱን ሲጽፍ ጠንካራ ምት ላይ አምስተኛን እየሸሸ ነው የጻፈው። ራሳችሁ ፊዩግ ለመጻፍ ስትሞክሩ የሚያበላሻችሁ ይሄ ነው። መጀመሪያ ያምራል፣ ሲገለበጥ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ስትጽፉ ወዲያው ገልብጣችሁ ስሙት፤ ሁለት ገጽ ከሞላችሁ በኋላ አይደለም።

እዚሁ 7ኛው ባር ላይ አልቶ ሦስተኛ ነገር ይዟል፣ ሁለተኛ ካውንተርሰብጀክት። እሱ ረጋ ያለ ነው፣ አይሮጥም። ክፍተት ይሞላል። ብዙ አልቆይበትም፤ ግን መኖሩን እወቁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚሽከረከሩት ሦስት ናቸው።

እንግዲህ እዚህ ቁሙ። 9ኛው ባር ላይ ደርሰናል። ባኽ ካርታውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። መሪ ዜማ፣ የሚንደረደር ስኬል፣ አንድ የረጋ መስመር። ቀሪ 23 ባር አለ። ከነዚህ ሌላ አዲስ ዜማ ይመጣል? አይመጣም። አንድም! ታዲያ 23 ባር በምን ይሞላል?

ሦስተኛው ነጥቤ ይሄ ነው። ኤፒሶድ። መሪው ዜማ ሙሉ በሙሉ የማይሰማበት ቦታ ሁሉ ኤፒሶድ ነው። ቁጠሩት። መሪው ዜማ በዚህ ፊዩግ ውስጥ ስምንት ጊዜ ይገባል፣ እያንዳንዱ ሁለት ባር፤ 16 ባር። ከ31 ባር 16። ወደ ግማሹ የሚጠጋው እናንተ ያላከበባችሁት ነው!

የመጀመሪያው 5ኛውና 6ኛው ባር ነው፣ ባሱ ከመግባቱ በፊት። ለምን አስፈለገ? መልሱ ሲያልቅ ሶል ማይነር ላይ ነን ብያለሁ። ባሱ ደግሞ በዶ ማይነር ሊገባ ነው። በአንድ ጊዜ ቢገባ ይጋጫል። ስለዚህ ሁለት ባር መመለሻ ያስፈልጋል። ከምን ሠራው? ሶፕራኖው የመሪውን ዜማ ራስ ብቻ ይይዛል፣ ያቺን ዶ ሲ ዶ የምትለዋን ቅርጽ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ያወጣታል። ከስር ያ ስኬል አለ፤ አሁን ግን አይወርድም፣ ይወጣል። ተገልብጧል። አዲስ ነገር የለም፤ ያለውን ቆርጦ አዞረው።

አሁን ደግሞ የምወደው፣ 9ኛውና 10ኛው ባር። ቀስ ብዬ ልጫወተው።

(ተጫወትኩ)

ባሱ ያን ስኬል ይዞ ይንደረደራል፣ ይወርዳል። ከላይ ሶፕራኖና አልቶ የመሪውን ዜማ ራስ ይቀባበላሉ። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይደግማል። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይደግማል። ከስሩ ሃርሞኒው ሲሄድ ስሙት፤ ዶ፣ ፋ፣ ሲ ፍላት፣ ሚ ፍላት። እያንዳንዱ እርምጃ አራት ደረጃ ወደ ላይ ነው። በሦስት እርምጃ ከዶ ማይነር ወጥተን ሚ ፍላት ሜጀር ደጃፍ ደረስን። 11ኛው ባር ላይ መሪው ዜማ በሚ ፍላት ሜጀር ሶፕራኖ ላይ ይገባል፤ ድንገት ፊቱ ይፈካል። ያንኑ ዜማ ነው የሚለው፣ የተቀየረው ቤቱ ነው። ወደዚያ ቤት ያደረሰን ማነው? መሪው ዜማ አይደለም። መሪው ዜማ በገባ ቁጥር አንድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያወራል። ከቤት ወደ ቤት የሚወስደን ኤፒሶዱ ነው።

13ኛውና 14ኛው ከሚ ፍላት ሜጀር አውጥተው ወደ ሶል ማይነር ያደርሱናል፣ 15ኛው ላይ አልቶ ይገባል። መሀል ያለ ድምፅ ስለሆነ ለመስማት ከባዱ መግቢያ እሱ ነው። ብዙ ተጫዋች እዚያ ጋ አልቶውን ይደበድበዋል፣ «መጣ! መጣ!» ለማለት። አትደብድቡት። ላዩ ላይ የሚሮጠውን ስኬል ትንሽ ቀለል አድርጉት፣ አልቶው በራሱ ይሰማል። ከ17 እስከ 19 ደግሞ ቅድም 5ኛውና 6ኛው ላይ የሰማነው ነው፤ ድምፆቹ ቦታ ተለዋውጠው፣ አንድ ባር ረዝሞ። ወደ ዶ ማይነር መልሶ ያመጣናል፣ 20ኛው ባር ላይ ሶፕራኖ ይገባል። ቤት ገባን።

አሁን አደገኛው ቦታ። 22ኛው ባር።

አንዲት ተማሪዬ፣ አሁን እዚህ የለችም፣ ይሄን ፊዩግ ሰው ፊት አቀረበች። ጎበዝ ናት፣ በቃሏ ይዛዋለች። ተጫወተች፣ ተጫወተች... እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ «ይሄን ቅድም አልሰማሁም?» አልኩ። ሰምቻለሁ! ሚ ፍላት ሜጀር ላይ እንደገና ገባች። ዞራ 22 ላይ ደረሰች፤ እንደገና ሚ ፍላት ሜጀር። ፊቷን አየሁት፣ ገብቷታል፣ ግን መውጫው ጠፍቷታል። በመጨረሻ ዶ ማይነር ኮርድ ላይ ቁጭ ብላ ጨረሰች፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ሕዝቡ ምንም አላወቀም።

ምን ሆነ? 22ኛውና 23ኛው ባር ያው 9ኛውና 10ኛው ናቸው። ሶፕራኖና አልቶ ብቻ ቦታ ተለዋውጠዋል። መንገዱ ያው ነው፣ ዶ፣ ፋ፣ ሲ ፍላት፣ ሚ ፍላት። ስለዚህ ጣት ከ23 ሲወጣ ሁለት በር ያገኛል። አንዱ ወደ 11 ይወስዳል፣ ሌላው ወደ 24። ጣት ደግሞ የለመደውን በር ነው የሚከፍተው። መድኃኒቱ ምንድን ነው? ፍጥነት አይደለም፣ መደጋገምም አይደለም። ሁለቱን ቦታ ጎን ለጎን አስቀምጡና በ9ኛው ባር ማን ይጀምራል፣ በ22ኛው ማን ይጀምራል ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ቦታው ስም ሲኖረው ጣት አይሳሳትም። ያቺ ልጅ ኤፒሶዱን እንደ መሙያ ስለያዘችው ነው ሁለቱ አንድ የሆኑባት። መሪው ዜማ ላይ አንድም አልተሳሳተችም እኮ!

ባኽ ራሱ ይሄን መመሳሰል ነው የሚጠቀምበት። በመጀመሪያው ጊዜ ይሄ መንገድ ከቤት አስወጥቶናል። ስለዚህ ሁለተኛ ስንሰማው ጆሯችን እንደገና ሚ ፍላት ሜጀርን ይጠብቃል። አይሰጠንም። መሪው ዜማ መምጣት ሲገባው አይመጣም፤ ኤፒሶዱ ይቀጥላል፣ ይቀጥላል፣ በሙሉው ፊዩግ ውስጥ ረጅሙ ኤፒሶድ ይሆናል፣ ከአራት ባር በላይ። 26ኛው ባር መሀል ላይ ባሱ መሪውን ዜማ በዶ ማይነር ይዞ ሲገባ እንዲያ የሚከብደው ለዚህ ነው። የከበደው ዜማው ስለተለወጠ አይደለም፣ ስለተጠበቀ ነው።

ከዚያ 28ኛው ባር ላይ ሦስቱም ድምፆች አብረው ይቆማሉ፣ በመሀላቸው ዝምታ ይገባል። ያለማቋረጥ ሲሮጥ ለቆየ ሙዚቃ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሳትቸኩሉ ዝምታውን ቁጠሩት። ቀጥሎ 29ኛው ባር መሀል ላይ ባሱ ዝቅተኛው ዶ ላይ ይቀመጥና አይነቃነቅም፣ ሶፕራኖው ለስምንተኛና ለመጨረሻ ጊዜ መሪውን ዜማ ይላል። የሚሮጠው ካውንተርሰብጀክት የለም። ድምፆቹም ከሦስት በላይ ሆነዋል፣ ባኽ የራሱን ቁጥር ጥሶ ኮርዱን ያወፍረዋል። የመጨረሻው ኮርድ ደግሞ ዶ ሜጀር ነው፤ ሚ ፍላት ሳይሆን ሚ። ሥር ፎቅ ያሉት እማማ አንድ ቀን በረንዳ ላይ አግኝተውኝ «ያ ስትደጋግመው የሚውለው ነገር መጨረሻው ላይ ለምን ይስቃል?» ብለውኛል። ኖታ አያነቡም፤ ግን ያችን አንድ ኖታ ሰምተዋታል። በዚያ ዘመን የማይነር ሙዚቃን በሜጀር ኮርድ መዝጋት የተለመደ ነበር።

ለተጫዋቾች አንድ ነገር፤ ያ የታችኛው ዶ ረጅም ነው። በኦርጋን ድምፅ ካደረጋችሁት እስከ መጨረሻው ይቆያል። በፒያኖ ድምፅ ከሆነ ግን ይሞታል። ከሞተባችሁ ቀስ ብላችሁ እንደገና ብትነኩት ማንም አይከሳችሁም።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው? ... አዎ፣ አንተ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው። «ፊዩግ ሁሉ ካውንተርሰብጀክት አለው ወይ?» ጥሩ። የለውም። እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ትንሽ ወደኋላ ግለጡ፣ የመጀመሪያው የዶ ሜጀር ፊዩግ አለ። 27 ባር ነው፣ መሪው ዜማ 24 ጊዜ ይገባል። ቋሚ ካውንተርሰብጀክት የለውም። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ፣ እየተደራረበ ነው የሚሄደው፤ ስትሬቶ ይባላል። የዛሬው የእኛ ፊዩግ ደግሞ ስትሬቶ የሚባል ነገር አንድም የለውም። ለመደራረብ ቦታ አላስፈለገውም፣ ኤፒሶድ አለዋ! ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው። ሌላ ጥያቄ? እትዬ፣ እጅዎን አይቻለሁ፣ ይቀጥሉ።